የአንድ ማሽን የእርጅና ቅናሽ በሦስት ዘዴዎች፦ ማሽኑ በዓመት አጋማሽ ሲሸጥ ትርፉና ኪሳራው ከየት ይመጣል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ለምሳሌነት የተወሰደው ማሽን የትኛው ነው?

ሦስቱን የእርጅና ቅናሽ ዘዴዎች በትክክል ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ ማሽን፣ በአንድ የመነሻ ዋጋና በአንድ የሽያጭ ቀን ላይ ሲሰሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ አንድ ዓይነት የብረት መለዋወጫ የሚያመርት አንድ ማሽንን ይመለከታሉ። ማሽኑ በ460,000 ተገዝቷል። ለማጓጓዣ 15,000፣ ለመትከያና ለሙከራ ደግሞ 25,000 ወጥቷል። እነዚህ ወጪዎች ማሽኑን ሥራ ወደሚጀምርበት ቦታና ሁኔታ ለማድረስ የግድ ስለነበሩ በዋጋው ላይ ይደመራሉ፤ የመነሻ ዋጋውም 500,000 ይሆናል። ሠራተኞችን ለማሠልጠን የወጣ ገንዘብ ካለ ግን የማሽኑ ዋጋ አካል ስላልሆነ በወጣበት ዓመት እንደ ወጪ ይያዛል። ስሌቱ በየትኛውም አገር ገንዘብ ያው ስለሆነ የገንዘቡ ስም ሆን ተብሎ ተትቷል።

ማሽኑ ለ5 ዓመት እንደሚያገለግል፣ በእነዚህ ዓመታት 300,000 መለዋወጫ እንደሚያመርትና በመጨረሻው 50,000 እንደሚያወጣ ተገምቷል። ይህ የመጨረሻው ግምት ቀሪ ዋጋ ይባላል። ሥራ የጀመረው በሂሳብ ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት 80,000፣ በሁለተኛው 50,000፣ በሦስተኛው 70,000 መለዋወጫ አምርቶ፣ በአራተኛው ዓመት ስድስት ወር ሠርቶ 20,000 ካመረተ በኋላ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ተሸጧል።

ሦስቱ ዘዴዎች በየዓመቱ ምን ያህል ይቀንሳሉ?

የቀጥታ መስመር ዘዴ ጊዜን ብቻ ይመለከታል። ከ500,000 ላይ ቀሪ ዋጋው 50,000 ሲነሳ 450,000 ይቀራል፤ ይህ ለ5 ሲካፈል በየዓመቱ 90,000 ይሆናል። ማሽኑ ብዙም ይሥራ ጥቂት፣ ቁጥሩ አይለወጥም።

የተቀናሽ ሚዛን ዘዴ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ያለውን የመዝገብ ዋጋ፣ ማለትም ከመነሻ ዋጋው ላይ እስከዚያ የተያዘው ቅናሽ ሲነሳ የሚቀረውን፣ በአንድ ቋሚ መቶኛ ያባዛል። በብዛት የሚሠራበት መቶኛ የቀጥታ መስመሩ እጥፍ ነው፤ 5 ዓመት ለሚያገለግል ማሽን የቀጥታ መስመሩ 20 በመቶ ስለሆነ እጥፉ 40 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት 500,000 በ40 በመቶ ተባዝቶ 200,000፣ በሁለተኛው የቀረው 300,000 ተባዝቶ 120,000፣ በሦስተኛው የቀረው 180,000 ተባዝቶ 72,000 ይቀነሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀሪ ዋጋውን አስቀድመው በመቀነስ 450,000ን በ40 በመቶ ሲያባዙ ነው። በዚህ ዘዴ ቀሪ ዋጋ ወደ ስሌቱ የሚገባው በመነሻው ላይ ሳይሆን ቅናሹ የሚቆምበት ወለል ሆኖ ነው። ማሽኑ ሳይሸጥ ቢቀጥል ኖሮ በአምስተኛው ዓመት መጀመሪያ የመዝገብ ዋጋው 64,800 ይሆን ነበር። የዚህ 40 በመቶ 25,920 ቢሆንም መቀነስ የሚቻለው 14,800 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የመዝገብ ዋጋው ከ50,000 በታች ይወርዳል።

የምርት መጠን ዘዴ ደግሞ የቀን መቁጠሪያን ትቶ የማሽኑን ቆጣሪ ያያል። 450,000 ለ300,000 መለዋወጫ ሲካፈል ለአንድ መለዋወጫ 1.50 ይደርሰዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት 120,000፣ በሁለተኛው 75,000፣ በሦስተኛው 105,000 ይቀነሳል።

ማሽኑ በዓመቱ መካከል ሲሸጥ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ ትርፍን ወይም ኪሳራን ማስላት ሳይሆን፣ ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ሽያጩ ቀን ያለውን የእርጅና ቅናሽ መመዝገብ ነው። ማሽኑ በእነዚያ ስድስት ወራት ምርት አውጥቷል፤ የተሸጠውም ምርት ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ ገቢው የጠየቀው የማሽን ድካም በዚያው ዓመት ወጪ ሆኖ መታየት አለበት።

በቀጥታ መስመር ዘዴ 90,000 በ6/12 ተባዝቶ 45,000 ይሆናል። በተቀናሽ ሚዛን ዘዴ በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ የነበረው የመዝገብ ዋጋ 108,000 ነው፤ የዚህ 40 በመቶ 43,200 ሲሆን ግማሹ 21,600 ነው። በምርት መጠን ዘዴ ግን በ6/12 የሚባዛ ምንም ነገር የለም። የተመረተው 20,000 በ1.50 ሲባዛ 30,000 ይሆናል፤ ስድስት ወር መሆኑን ቆጣሪው ራሱ አስቀድሞ ስለቆጠረው ያንን ውጤት እንደገና በግማሽ መክፈል አንዱን ጊዜ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ይህ ስህተት መፈጸሙን ለማወቅ የተጠራቀመውን የእርጅና ቅናሽ ለ1.50 ማካፈል ይበቃል። ውጤቱ ከማሽኑ ቆጣሪ ጋር፣ ማለትም ከ220,000 ጋር ካልገጠመ አንድ ቦታ ላይ ችግር አለ።

ትርፉ ወይም ኪሳራው እንዴት ይሰላል?

ከሽያጩ በተጣራ መልኩ የተገኘው ገንዘብ በሽያጩ ቀን ካለው የመዝገብ ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። ማሽኑ በ156,000 ተሽጧል እንበል፤ ነቅሎ ለማስረከብ ደግሞ 6,000 ወጥቷል። የተጣራው 150,000 ነው። ለሦስቱም ዘዴዎች ገዢው የከፈለው ገንዘብ ያው መሆኑን ልብ ይሏል።

| | የቀጥታ መስመር | የተቀናሽ ሚዛን | የምርት መጠን |
|---|---|---|---|
| የመነሻ ዋጋ | 500,000 | 500,000 | 500,000 |
| እስከ ሽያጩ የተጠራቀመ ቅናሽ | 315,000 | 413,600 | 330,000 |
| በሽያጩ ቀን የመዝገብ ዋጋ | 185,000 | 86,400 | 170,000 |
| የተጣራ የሽያጭ ገንዘብ | 150,000 | 150,000 | 150,000 |
| ውጤት | ኪሳራ 35,000 | ትርፍ 63,600 | ኪሳራ 20,000 |

አንዱ ማሽን፣ አንዱ ገዢ፣ አንዱ ዋጋ ሆኖ ሳለ በአንዱ ዘዴ ትርፍ በሌላው ኪሳራ እንዴት ይመጣል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ነው። ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚለው ስም ስለ ሽያጩ ጥሩነት ወይም መጥፎነት የሚናገር ይመስላል፤ የሚናገረው ግን በቀደሙት ዓመታት ስለተያዘው የእርጅና ቅናሽ ነው። ድርጅቱ ለማሽኑ 500,000 አውጥቶ በመጨረሻ 150,000 መልሶ ተቀብሏል፤ ስለዚህ ማሽኑ በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ የበላው 350,000 ነው። ከዚህ ቁጥር የትኛውም ዘዴ ማምለጥ አይችልም።

በቀጥታ መስመር ዘዴ 315,000 በእርጅና ቅናሽ ተይዞ ስለነበር የጎደለው 35,000 በኪሳራ ስም ተሟላ። በምርት መጠን ዘዴ 330,000 ተይዞ ነበርና የጎደለው 20,000 ብቻ ነው። በተቀናሽ ሚዛን ዘዴ ግን 413,600 ተቀንሶ ስለነበር ከሚገባው በላይ የተያዘው 63,600 በትርፍ ስም ተመለሰ። ሦስቱንም ብንደምር ወይም ብንቀንስ 350,000 ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ በተቀናሽ ሚዛን የሚሠራ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ «ማሽኑን በ63,600 ትርፍ ሸጥነው» ብሎ ቢኩራራ፣ ለሻጩ ችሎታ ያደረገው ምስጋና በእውነቱ የሚገባው ካለፉት ሦስት ዓመታት ለተቀነሰው ትርፍ ነው። በአንጻሩ 35,000 ኪሳራ የታየበት ድርጅት ማሽኑን በርካሽ ሸጠ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ የገበያው ዋጋ በዚያ ጊዜ ምን ያህል እንደነበር ለማወቅ የመዝገብ ዋጋ አይረዳም።

ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ስታንዳርድ ቁጥር 16 ቋሚ ንብረትን በማስወገድ የተገኘ ትርፍ ከመደበኛ የሽያጭ ገቢ ጋር እንዳይቀላቀል የሚከለክለው ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። መለዋወጫ ሸጦ ያተረፈና ያረጀ ማሽን ሸጦ ትርፍ ያሳየ ድርጅት በአንድ መስመር ላይ ከታዩ፣ አንባቢው በሚቀጥለው ዓመት የማይደገመውን እንደሚደገም አድርጎ ይወስደዋል።

በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው እንዴት ነው?

በቀጥታ መስመር ዘዴ ሁለት ምዝገባዎች አሉ። የመጀመሪያው የስድስት ወሩን የእርጅና ቅናሽ ወጪ 45,000 ዴቢት፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽን 45,000 ክሬዲት ያደርጋል። በሁለተኛው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ በተጣራው 150,000፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ 315,000፣ በማስወገድ የደረሰ ኪሳራ 35,000 ዴቢት ይደረጋሉ፤ የማሽን ሂሳብ በሙሉ ዋጋው 500,000 ክሬዲት ይደረጋል።

በተቀናሽ ሚዛን ዘዴ የሁለተኛው ምዝገባ ቅርጽ ይለወጣል፤ ጥሬ ገንዘብ 150,000 እና የተጠራቀመ ቅናሽ 413,600 ዴቢት፣ ማሽን 500,000 እና በማስወገድ የተገኘ ትርፍ 63,600 ክሬዲት ይሆናሉ። የምርት መጠኑ የቀጥታ መስመሩን ቅርጽ ይከተላል፤ የሚለያዩት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

በተግባር ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት የማሽን ሂሳቡን በመዝገብ ዋጋው፣ ለምሳሌ በ185,000፣ ክሬዲት አድርጎ የተጠራቀመውን ቅናሽ ሳይነኩ መተው ነው። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሚሆን ማመዛዘኛው ምንም አይናገርም። ነገር ግን በማሽን ሂሳብ ላይ 315,000፣ በተጠራቀመ ቅናሽ ሂሳብ ላይም 315,000 ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል፤ ልዩነታቸው ዜሮ ስለሆነም ዓመታት ሳይታወቅ ያልፋሉ። የሚጋለጠው የቋሚ ንብረት ዝርዝር በዕቃ ቆጠራ ሲመሳከርና ሁለቱም ሂሳቦች ከዝርዝሩ ድምር በልጠው ሲገኙ ነው።

የስድስት ወሩን ቅናሽ ብንረሳስ? ጠቅላላው ትርፍ ይለወጣል?

የዓመቱ ምርት ሁሉ ተሽጦ ካለቀ የተጣራ ትርፉ አይለወጥም፤ ችግሩ እንዳይታይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በቀጥታ መስመር ዘዴ 45,000ው ካልተያዘ የመዝገብ ዋጋው 230,000 ሆኖ ይቀራል፤ ኪሳራውም 80,000 ይሆናል። ቀድሞ 45,000 ሲደመር 35,000 የነበረው አሁን በአንድ ስም 80,000 ሆነ ማለት ነው። ድምሩ ያው ይሁን እንጂ የማምረቻ ወጪው በ45,000 አንሶ ይታያል። የዚያ ግማሽ ዓመት መለዋወጫዎችም ርካሽ የሆኑ ይመስላሉ፤ የተወሰኑት ሳይሸጡ በመጋዘን ካሉ ደግሞ የክምችቱ ዋጋ ስለሚዛባ የተጣራ ትርፉም ቢሆን ሳይነካ አይቀርም። በተቀናሽ ሚዛን ዘዴ ከሆነ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትርፉ ከ63,600 ወደ 42,000 ይወርዳል።

በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ የትኛውን ቀመር እንጠቀም?

ለቀጥታ መስመር፣ ለእጥፍ ተቀናሽ ሚዛንና ለምርት መጠን በቅደም ተከተል የሚከተሉት ይበቃሉ፤ ሁለተኛው ቀሪ ዋጋውን ራሱ ስለሚጠብቅ በአምስተኛው ዓመት 14,800 ይሰጣል።

```
=SLN(500000,50000,5)*6/12
=DDB(500000,50000,5,4)*6/12
=(500000-50000)/300000*20000
```

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው `DB` የሚለው ቀመር ነው። ስሙ የተቀናሽ ሚዛን ቢሆንም መቶኛውን ከቀሪ ዋጋው ተነስቶ ራሱ ስለሚያወጣ ለዚህ ማሽን የሚጠቀመው 36.9 በመቶ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠውም 200,000 ሳይሆን 184,500 ነው። ሁለቱም ተቀባይነት ያላቸው ስሌቶች ናቸው፤ ነገር ግን የድርጅቱ ፖሊሲ «የቀጥታ መስመሩ እጥፍ» የሚል ከሆነ `DB` ፖሊሲውን አይከተልም።

ሁለተኛው የበለጠ ስውር ነው። በየወሩ ሂሳብ የሚዘጋ ድርጅት አንዳንድ ጊዜ 5 ዓመቱን ወደ 60 ወር ለውጦ `DDB`ን በወር ያሰላል። መቶኛው በዓመት 40 በመቶ መሆኑ ቀርቶ በወር ከ30 አንድ ይሆናል፤ በየወሩ እየቀነሰ በሚሄድ ሚዛን ላይ ስለሚባዛም የዓመቱ ድምር ወደ 33.4 በመቶ ብቻ ይደርሳል። የእኛ ማሽን በዚህ መንገድ በ42ኛው ወር መጨረሻ የመዝገብ ዋጋው 86,400 ሳይሆን ወደ 120,400 ገደማ ይሆናል፤ የሽያጩ ትርፍም ከ63,600 ወደ 29,600 ገደማ ይወርዳል። የዓመታዊውን ቅናሽ አስልቶ ለ12 ማካፈል ይህን ልዩነት ያስቀራል። የትኛውም ይመረጥ፣ በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ግን አይቻልም።

ማሽኑ ከመሸጡ በፊት ለወራት ቆሞ ቢቆይስ?

ማሽን ሥራ ፈትቶ በመቆሙ ብቻ የእርጅና ቅናሹ አይቋረጥም። በቀጥታ መስመርና በተቀናሽ ሚዛን ቅናሹ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የቆመ ማሽን ቢያንስ ዘመን ያልፍበታል። በምርት መጠን ዘዴ ግን ምርት ከሌለ ቅናሹ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፦ ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ የመዝገብ ዋጋው ባለበት ይቆያል፤ ገበያው ግን ማሽኑን አይጠብቀውም። ሽያጩ ሲመጣ የሚያስደነግጥ ኪሳራ የሚያሳየው ረጅም ጊዜ የቆመ በዚህ ዘዴ የተያዘ ማሽን ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሽያጩን ሳይጠብቅ ዋጋው መውረዱና አለመውረዱ ሊፈተሽ ይገባል።

ለየት የሚለው ጉዳይ ማሽኑ ለሽያጭ የተዘጋጀ ንብረት ተብሎ በደንቡ መሠረት ሲመደብ ነው። ማሽኑ ባለበት ሁኔታ ወዲያው ሊሸጥ የሚችል ሆኖ ሽያጩም እጅግ የሚጠበቅ ከሆነ፣ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ስታንዳርድ ቁጥር 5 ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናሹ እንዲቆም ያዝዛል። ስለዚህ ድርጅቱ በአራተኛው ወር መጨረሻ እንዲህ መድቦት ቢሆን ኖሮ በቀጥታ መስመር የሚያዘው 45,000 ሳይሆን 30,000 ይሆን ነበር። በተመደበበት ቀን ግን የመዝገብ ዋጋው ከሚጠበቀው የተጣራ የሽያጭ ዋጋ በልጦ ከተገኘ ልዩነቱ ሽያጩን ሳይጠብቅ ወዲያው ወጪ ይሆናል።

ታዲያ ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ስታንዳርድ ቁጥር 16 የሚጠይቀው ዘዴው የማሽኑ ጥቅም የሚያልቅበትን መንገድ እንዲከተል እንጂ በሽያጩ ቀን ኪሳራ እንዳይታይ አይደለም። የአንድ መለዋወጫን የማሽን ወጪ ማየት ለፍርድ ይረዳል። በቀጥታ መስመር ወጪው በመጀመሪያው ዓመት 1.13 ገደማ፣ ምርት በቀነሰበት በሁለተኛው ዓመት 1.80 ነው። በተቀናሽ ሚዛን ከ2.50 ተነስቶ በሦስተኛው ዓመት 1.03 ገደማ ይደርሳል። በምርት መጠን ሁሌም 1.50 ነው። የዚህ ማሽን ድካም በዋነኛነት ከምርት ብዛት የሚመጣ፣ ቆጣሪውም የሚታመን ከሆነ የምርት መጠኑ ዘዴ ለእውነታው ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ቴክኖሎጂው ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ማሽን ቢሆን ግን ዋጋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ስለሚወርድ የተቀናሽ ሚዛኑን እመርጥ ነበር።

ግብር ሌላ ጉዳይ ነው። የግብር ሕግ የራሱን መቶኛና የራሱን የሽያጭ ስሌት ስለሚያዝ፣ ለግብር የሚታየው ትርፍ ወይም ኪሳራ ከሦስቱም ቁጥሮች ሊለይ ይችላል፤ ልዩነቱም በተለየ ሠንጠረዥ ይያዛል።

ግምታችን ስህተት መሆኑን ከሽያጩ በፊት ካወቅን የቀደሙትን ዓመታት እናርማለን?

አናርምም። የአገልግሎት ዘመን፣ ቀሪ ዋጋና ዘዴው ራሱ ግምቶች ስለሆኑ ለውጣቸው የሚሠራው ወደፊት ብቻ ነው፤ ቢያንስ በየሂሳብ ዓመቱ መጨረሻም መከለስ አለባቸው። ለምሳሌ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ማሽኑ በጠቅላላው 300,000 ሳይሆን 280,000 ብቻ እንደሚያመርት ቢታወቅ፣ 130,000ው ስለተመረተ የሚቀረው 150,000 ነው። የዚያን ጊዜ የመዝገብ ዋጋው 305,000 ነው፤ ከዚህ 50,000 ተነስቶ ለ150,000 ሲካፈል የአንዱ መለዋወጫ ድርሻ ከ1.50 ወደ 1.70 ያድጋል። ይህ ክለሳ በጊዜው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት 119,000፣ በመጨረሻው ስድስት ወር 34,000 ተቀንሶ የመዝገብ ዋጋው 152,000 ላይ ይደርስ ነበር፤ በ150,000 ሲሸጥም ኪሳራው 20,000 ሳይሆን 2,000 ብቻ ይሆን ነበር።